«ራስሽ ጻፊና ሂጂ» ስትባዪ፦ የመልቀቂያ፣ የስምምነትና የስንብት ደብዳቤ አጻጻፍ

ጎንደር ውስጥ ሆቴል፣ ካፌ፣ የግል ትምህርት ቤት ወይም የንግድ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው «ስምሽ እንዳይበላሽ ራስሽ ጻፊና ሂጂ» ሲባል ሳይሰማ አይቀርም። አንዳንድ አሠሪ ይህን የሚለው ከልቡ አዝኖ ነው። ሠራተኛዋም «እሺ ጋሼ» ትልና ግማሽ ገጽ ጽፋ፣ ፈርማ ትወጣለች። ችግሩ የሚታየው በኋላ ነው፤ ሒሳቧን ልትቀበል ስትሄድ ወይም ነገሩ ከንክኗት ሕግ የሚያውቅ ሰው ስታማክር። ምክንያቱም «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚለው ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ የሚከፈላትም፣ ልትከስ የምትችልበትም መንገድ ይለወጣል።

እዚህ የማተኩረው በዚህ አንድ ነገር ላይ ነው፦ ልቀቅ ወይም ልቀቂ የተባለ ሰው ምን መጻፍ፣ ምን አለመጻፍ፣ ምን ላይ መፈረም እንዳለበት። መነሻው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

1. መጀመሪያ ሕጉ እናንተን እንደሚመለከት አረጋግጡ

አዋጁ የሁሉም ሠራተኛ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ወይም ሪፈራል ሆስፒታሉ ውስጥ በመንግሥት ሠራተኝነት የተቀጠረ ሰው የሚተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች አይሠሩለትም። የሥራ መሪዎችም አይካተቱም። የሥራ መሪ ማለት ግን ባጁ ላይ «ማናጀር» ወይም «ሱፐርቫይዘር» የሚል የተጻፈለት ሁሉ አይደለም። የድርጅቱን የአስተዳደር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት እውነተኛ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። የአስተናጋጆች ተረኛ አለቃ ስለሆናችሁ ብቻ ከሕጉ ወጥታችኋል ቢሏችሁ አትመኑ።

ሌላው የሙከራ ጊዜ ነው። ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም። ከታች የምነግራችሁ ሁሉ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው ነው።

2. ደብዳቤው ላይ ውሳኔው የማን እንደሆነ ለዩ

የሥራ ውል የሚያበቃበት መንገድ ብዙ ነው፤ እኛን የሚመለከቱን ግን ሦስቱ ናቸው፤ ሠራተኛው ያቋርጣል፣ ሁለቱ ተስማምተው ያቋርጣሉ፣ አሠሪው ያቋርጣል። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ደብዳቤው አናት ላይ ያለውን «ጉዳዩ» የሚለውን ትታችሁ ግሱን ፈልጉ። «ለመልቀቅ ወስኛለሁ» ካለ ውሳኔው የሠራተኛው ነው። «ውላችንን ለማቋረጥ ተስማምተናል» ካለ የሁለቱ ነው። «የሥራ ውልዎ ተቋርጧል» ካለ የአሠሪው ነው።

ቀላል ይመስላል፣ ግን ቅይጥ ደብዳቤዎች አሉ። «ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት ተሰናብተዋል» የሚል ደብዳቤ ይሰጣችኋል፣ እናንተ ደግሞ ምንም ጥያቄ አላቀረባችሁም። ወይም ደብዳቤው የድርጅቱ ሆኖ ከታች «በውሳኔው ተስማምቻለሁ» የሚል መስመር ይኖረዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ከፈረማችሁ በኋላ ያባረሩኝ እነሱ ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ግን ማስረጃ የማምጣቱ ሸክም የእናንተ ይሆናል።

3. እውነት መልቀቅ ከፈለጋችሁ

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። አሠሪው አልፈቅድም ማለት አይችልም፤ ፈቃድ እየጠየቃችሁ ሳይሆን እያሳወቃችሁ ነው። ስለዚህ «እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ» ብላችሁ አትጻፉ። ብዙ ሰው ለትህትና ብሎ ይጽፈዋል፤ ከዚያ አለቃው «አልፈቀድኩም» ይልና ሁለቱም ግራ ይጋባሉ። ደብዳቤው አጭር ቢሆን ይበቃል፦

«የሥራ ውሌን በራሴ ፈቃድ ለማቋረጥ ወስኛለሁ። ይህ ደብዳቤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዬ ሲሆን፣ ዛሬ ጥር 5 ቀን ተሰጥቷል። ሥራዬን የማቆመው የካቲት 5 ቀን ነው። ያልተከፈለኝ ደመወዝ፣ ያልተጠቀምኩበት የዓመት ዕረፍት ክፍያና በሕግ የሚገባኝ ሌላ ክፍያ ሁሉ እንዲታሰብልኝ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ሁለት ኮፒ አዘጋጁና አንዱን መዝገብ ቤት ወይም ጸሐፊዋ ጋር ቀንና ማህተም አስመትታችሁ ያዙ። ቀኑን የምትቆጥሩት በቀን ነው፤ ጊዜው ጳጉሜን ላይ ካረፈ የጳጉሜን ቀናትም ይቆጠራሉ።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የሌለበት «ከዛሬ ጀምሮ» የሚለው ነው። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ጥሎ የሚሄድ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሳ ሊከፍል ይችላል። ካሳው እስከ 30 ቀን ደመወዝ ይደርሳል፣ ከሚቀረው ክፍያ ላይም ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ «ዛሬውኑ ጻፊ» የሚለው አሠሪው ራሱ ነው። እሱ አስቸኩሎ ያጻፈው ደብዳቤ ተመልሶ ሠራተኛዋን ባለዕዳ ያደርጋታል ማለት ነው።

በፈቃድ የለቀቀ ሰው የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ለዚያው አሠሪ ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ ተጨማሪ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ነው። አራት ዓመት ከአሥር ወር የሠራ ሰው መልቀቂያ ከመጻፉ በፊት ካላንደር ቢያይ ይሻለዋል። ሁለት ወር መታገስ የበርካታ ሺህ ብር ልዩነት አለው።

እዚህ ጋ አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ሠራተኛው የሚለቀው አሠሪው ስለበደለው ሆኖ ሳለ ደብዳቤው ላይ «በግል ጉዳይ ምክንያት» ብሎ ይጽፋል። ክብሩን የሚነካ ድርጊት ከተፈጸመበት፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ከደረሰባት፣ ለሕይወትና ለጤና የሚያሰጋ አደጋ እንዳለ አሠሪው እያወቀ ዝም ካለ፣ ወይም እንደ ደመወዝ ያለ መሠረታዊ ግዴታውን ደጋግሞ ካልተወጣ፣ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ እንደ ምክንያቱም የስንብት ክፍያና ካሳ የመጠየቅ መብት ይኖረዋል። ግን ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፣ ያውም ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ። «በግል ጉዳይ» ብሎ የወጣ ሰው ቆይቶ «የወጣሁት ስለተበደልኩ ነው» ቢል መጀመሪያ የሚገጥመው የራሱ ደብዳቤ ነው።

4. በስምምነት ከሆነ ዝርዝሩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጡ

ሁለቱም ወገን መለያየት ሲፈልግ ስምምነት ጥሩ መንገድ ነው። አዋጁ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ በቃል «ተስማምተን ነው የተለያየነው» የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ያ መተው ሕጋዊ ውጤት የለውም። ስለዚህ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የምትለው የተለመደች ዓረፍተ ነገር የዓመት ዕረፍት ክፍያችሁን ወይም የቀረ ደመወዛችሁን አታጠፋም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። «መብቴ ስለማይጠፋ የስንብት ክፍያዬም አይቀርም» ብሎ ያስባል። አዋጁ የስንብት ክፍያ የሚከፈልባቸውን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ዘርዝሯል፤ «ውሉ በስምምነት ሲቋረጥ» የሚል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያልነበረ መብት ደግሞ «መተው አይቻልም» በሚለው አይድንም። ስለዚህ በስምምነት ስትወጡ የምታገኙት ተጨማሪ ገንዘብ ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁት ነው። ለማንበብ ደስ የሚል፣ ስለ መልካም ግንኙነትና ስለ መመሰጋገን የሚያወራ፣ ብር ግን የሌለበት ስምምነት ለሠራተኛው ባዶ ነው።

ዋናው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የሥራ ውሉን ለማቋረጥ ሐሳቡን ያቀረበው አሠሪው ሲሆን ሠራተኛዋ ተስማምታለች። ውሉ የካቲት 5 ቀን ያበቃል። አሠሪው ከቀረ ደመወዝና ከዓመት ዕረፍት ክፍያ በተጨማሪ ብር ይህን ያህል ለመለያየት ክፍያ ይከፍላል። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ተጠናቅቆ ይከፈላል። የሥራ ልምድ ማስረጃው በዚያው ቀን ይሰጣል።»

ሐሳቡን ማን እንዳቀረበው መጻፉን አትናቁት። ስምምነቱ ባይከበር ወይም ነገሩ ወደ ክርክር ቢሄድ፣ ሠራተኛዋ ራሷ ለመውጣት የጠየቀች እንዳልነበረች ያሳያል። ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። አንድ ሌሊት አላሳድርም የሚል ሰው ያመጣው ስምምነት ጥርጣሬ ሊያሳድርባችሁ ይገባል።

5. ስንብት ከሆነ፣ ማባረራቸውን እነሱ ይጻፉት

አሠሪው ሠራተኛ ማሰናበት የሚችለው ሕጉ ባወቀው ምክንያት ነው። ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱት ምክንያቶች ከባዶቹ ናቸው፤ የማታለል ተግባር፣ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ የድርጅቱን ገንዘብ መውሰድ፣ ሥራ ቦታ ላይ ጠብ ማንሳት፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ማድረስና የመሳሰሉት። ማርፈድም አለ፤ ግን አንድ ቀን ስላረፈዳችሁ አይደለም። በጽሑፍ እየተነገራችሁ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ስታረፍዱ ነው። በጽሑፍ የሚለውን አስምሩበት፤ የቃል ቁጣ አይቆጠርም።

የስንብቱ ደብዳቤ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መያዝ አለበት። ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈው ያ መብቱ ይቀራል። ስለዚህ ደብዳቤው እንደደረሳችሁ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ጻፉ፤ ጥፋት የተባለው የታወቀበትን ቀንና የተሰናበታችሁበትን ቀን። ከዓመት በፊት በታለፈ ነገር የሚያሰናብት ደብዳቤ በዚህ ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

በማስጠንቀቂያ የሚደረግ ስንብትም አለ፣ ለምሳሌ ከችሎታ ማነስ ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር በተያያዘ። የማስጠንቀቂያው ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር ነው። ቱሪስት ጠፍቶ ሆቴሉ ባዶ ሲሆን ሠራተኛ መቀነስም በሕግ የታወቀ መንገድ ነው፣ ግን የራሱ ሥርዓትና የስንብት ክፍያ አለው። ብዙ ጊዜ «ራሳችሁ ጻፉ» የሚመጣው ይህን ክፍያ ለማስቀረት ነው።

አሁን ፊርማው። ደብዳቤውን አልቀበልም ብሎ መሄድ አይጠቅምም፤ ሠራተኛው አልቀበልም ካለ አሠሪው ለአሥር ተከታታይ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጥፈው ይችላል፣ ያም እንደተሰጠ ይቆጠራል። ተቀበሉት፣ ከፊርማችሁ በላይ ግን በእጃችሁ እንዲህ ጻፉ፦ «ደብዳቤው ዛሬ በዚህ ቀን ደርሶኛል። በይዘቱ አልተስማማሁም።» ኮፒ ያዙ፤ ኮፒ ካልሰጧችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

6. በቁጥር ሲታይ

አንዲት ሠራተኛ እናስብ። ፒያሳ አካባቢ ያለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ልክ 4 ዓመት ሠርታለች፣ ደመወዟ 9,000 ብር ነው። ለቀላልነት የቀን ደመወዟን 300 ብር እናድርገው። ካዝና ላይ 6,000 ብር ጎደለ ተባለ። ባለቤቱ ጠርተው «ልጄ፣ ሌባ ከምትባዪ ራስሽ ጻፊና ሂጂ» አሏት።

«በራሴ ፈቃድ ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ» ብላ ብትጽፍ፣ የሠራችበት ደመወዝና ያልወሰደችው ዕረፍት ይከፈላታል። አምስት ዓመት ስላልሞላት የስንብት ክፍያ የለም። ማስጠንቀቂያ ስላልሰጠች ደግሞ እስከ 9,000 ብር ካሳ ልትጠየቅ ትችላለች።

በስምምነት ብትወጣ የሚደርሳት የተደራደረችው ነው፤ ዜሮም ሊሆን ይችላል፣ የአራት ወር ደመወዝም።

ባትጽፍስ? ባለቤቱ ማሰናበት አለባቸው። ካሰናበቱ ደግሞ ምክንያቱን ማስረዳት የእሳቸው ፋንታ ነው። ካዝና መጉደሉ ብቻ እሷ ገንዘቡን ለራሷ ለማድረግ አስባ ወስዳለች ማለት አይደለም፤ ቁልፉ ስንት ሰው ጋ እንዳለ፣ ርክክብ በጽሑፍ እንደሚደረግ፣ ሒሳቡ መቼ እንደተቆጠረ ይጠየቃል። በበቂ ማስረጃ ከረቱ፣ ደመወዟንና የዕረፍት ክፍያዋን ብቻ ይዛ ትወጣለች። ካልረቱ ስንብቱ ሕገወጥ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ሊመልሳት ይችላል። ካሳ ተከፍሏት እንድትሰናበት ከወሰነ ደግሞ የ180 ቀን ደመወዝ 54,000 ብር፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ደመወዝ 18,000 ብር፣ የስንብት ክፍያ 18,000 ብር ይሆናል። የስንብቱ ስሌት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 9,000፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ሲሶው፣ ማለትም ሦስት ጊዜ 3,000 ነው። ድምሩ 90,000 ብር ነው።

ስለዚህ በእርግጥ ወስዳ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው፣ ጸጥ ብሎ መውጣት ሊሻላት ይችላል። ካልወሰደች ግን መልሷ ትህትናውን ሳይለቅ ቀጥተኛ ይሁን፦ «ጋሼ፣ እኔ ለመልቀቅ አልፈለግሁም። ድርጅቱ ካሰናበተኝ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ። እስከዚያው ነገ ሥራዬ ላይ ነኝ።» በነጋታውም ትግባ። ከቀረች «ራሷ ጥላ ሄደች» ይባላል። በር ላይ ከመለሷት ማን እንደመለሳትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ትጻፍ፣ ለአለቃዋም በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ «ዛሬ ለሥራ መጥቼ አትገቢም ተብያለሁ» ብላ ትላክ።

7. ቀድሞ የተፈረመ ከሆነ

ተገድጄ ነው የጻፍኩት የሚል ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ፈቃዱ ጉድለት ነበረበት ብሎ መከራከር ይችላል፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። አለቃው መቆጣቱ፣ ወይም «ለፖሊስ አመለክታለሁ» ማለቱ ብቻ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ በመብቱ እጠቀማለሁ ብሎ ማስፈራራት በራሱ ማስገደድ አይደለምና፣ በዚያ ተጠቅሞ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ካልሆነ በቀር። የሚረዳው በሰዓቱ የተቀመጠ ማስረጃ ነው። ደብዳቤው አስቀድሞ በኮምፒውተር ተጽፎ ለፊርማ ብቻ ከቀረበላችሁ፣ በዚያው ቀን ሌሎችም አንድ ዓይነት ወረቀት ከፈረሙ፣ ወይም በማግስቱ «ትናንት የፈረምኩት በፈቃዴ አይደለም» ብላችሁ በጽሑፍ ካሳወቃችሁ ክርክራችሁ መልክ ይይዛል። ከሦስት ወር በኋላ ትዝ ካላችሁ ግን ሌላ ችግር አለ።

እሱም ይርጋ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች ደግሞ 6 ወር አላቸው። ሽማግሌ መላኩ ክፉ አይደለም፣ እኛ አገር ብዙ ነገር በሽምግልና ይፈታል፤ አሠሪው «ከበዓል በኋላ እንነጋገር» እያለ ሦስት ወሩን ካሳለፈባችሁ ግን ወደ ሥራ የመመለሱ ጥያቄ ያበቃል። ክሱ የሚቀርበው ለወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

8. ከወጣችሁ በኋላ

በየትኛውም መንገድ ብትወጡ የሚገባችሁ ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው በራሱ ጥፋት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል። ክሊራንስ ጨርሱ፤ ዩኒፎርም፣ ቁልፍ፣ የሲስተም ይለፍ ቃል ስታስረክቡ በጽሑፍ አስፈርሙ።

ክፍያ ስትቀበሉ ቫውቸሩ ላይ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚል ከታተመና የቀረ ነገር ካለ፣ አጠገቡ «የዚህን ወር ደመወዝ ብቻ» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ። የሥራ ልምድ ማስረጃው መያዝ ያለበት የሥራችሁን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን ነው። እንዴት እንደወጣችሁ እንዲጻፍ ሕጉ አይጠይቅም። «በጥፋት የተሰናበተች» የሚል ተጨምሮበት ከሰጧችሁ መልሳችሁ በሕጉ ልክ የተጻፈ አዲስ ጠይቁ፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ አድርጉት።